ለዩኒቨርሲቲው የምጽፈው ኢሜይል ተዘበራረቀብኝ፣ እስቲ እዩልኝ

ቤዛ (ቱሉ ዲምቱ)
ሰላም ቤተሰብ። ጀርመን ለማስተርስ ተቀብለውኛል፣ ቪዛው ግን ገና ነው። ለዩኒቨርሲቲው ልጽፍ ስቀመጥ ሁሉም ነገር አንድ ላይ ይመጣብኛል። ትናንት ኮንዶሚኒየሙ መብራት ስላልነበረው ስልኬ ላይ ነው የሞነጫጨርኩት። እንዳለ ልለጥፈው፦

«ጤና ይስጥልኝ። ስለተቀበላችሁኝ በጣም አመሰግናለሁ፣ ለቤተሰቤም ትልቅ ደስታ ነው። ቪዛ ካስገባሁ ቆይቻለሁ ግን መልስ የለም፣ ኤምባሲው ጋ ብትደውሉልኝ። ዝግ አካውንት ከፍቼ 11,904 ዩሮ አስገብቻለሁ፣ ይበቃል ወይ? የተማሪ ማደሪያም ጠይቄ ዝም አሉኝ። ትምህርት ሲጀመር ካልደረስኩ ምን ይሆናል? ለሚቀጥለው ዓመት ማስተላለፍስ ይቻላል? ወይስ በኦንላይን ልጀምር? አባቴ ታመው ነበር፣ አሁን ደህና ናቸው። እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።»

የቱን ላስቀር?

ዳዊት (ቨርጂኒያ)
ምንም አታስቀሪ ባይ ነኝ። ቁጥር ሰጥተሽ ደርድሪው፣ እነሱ ለሚመለከተው ይመሩታል። ርዕሱ ላይ የማመልከቻ ቁጥርሽን አድርጊ፣ ከፊቱ «አስቸኳይ» በይበት። ፕሮፌሰሩንም ኤምባሲውንም ሲሲ አድርጊ። እኔ እዚህ ስመጣ አድቫይዘሬ ነው ሁሉን የጨረሰልኝ።

አስቴር (ሀኖቨር)
ዳዊት፣ የማመልከቻ ቁጥሩ ላይ ልክ ነህ። ሌላው ግን እዚህ አይሠራም። ተማሪ ሆኜ የዩኒቨርሲቲ ዓለም አቀፍ ቢሮ ውስጥ በሰዓት እሠራ ነበር፣ ኢሜይል የምንከፍተው እኛ ነን። ስድስት ጥያቄ ያለበት ሲመጣ አንዱን፣ ቀላሉን፣ መልሰን እንዘጋዋለን። «አስቸኳይ»ማ መስከረም ላይ የማይጽፍ የለም። ብዙ ሰው ሲሲ የተደረገበትን ደግሞ ሁሉም ሌላው ይመልሰዋል ብሎ ይተወዋል።

ቤዚ፣ «የቱን ላስቀር» ብለሽ አትጀምሪ። የጻፍሽው በሙሉ ሀሳብሽ ነው፣ ይቀመጥ፣ ማስታወሻ ነው። አሁን ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ጎን መልሱ ማን እጅ እንዳለ ጻፊበት። ቪዛው የኤምባሲው ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ደውሎ አያፋጥነውም። 11,904ም የኤምባሲው ጥያቄ ነው (በወር 992 ዩሮ በ12 ወር መሆኑ ነው፤ ግን የሚያስፈልገው መጠን ስለሚከለስ ካስገባሽበት ቀን ጋር አመሳክሪው)። ማደሪያው ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ቢሆንም የሚያስተዳድረው ሽቱደንተንቨርክ የሚባል ራሱን የቻለ ድርጅት ነው። ለሱ ሌላ ኢሜይል።

ስታጣሪው የሚተርፍሽ «ካልደረስኩስ?» የሚለው ብቻ ነው። እሱም ውስጥ ሦስት ነገር ተሸጉጧል። ዘግይቶ መግባት፣ ወደ ዓመት ማዛወር፣ ኦንላይን። ሦስቱን አንድ ላይ ከጠየቅሽ አንዱ ሌላውን ይገድለዋል። እኔ የማዛወር ጥያቄውን ባየሁ «አይቻልም፣ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና አመልክቺ» ብዬ እዘጋው ነበር፣ ምክንያቱም ብዙ ቦታ ቅበላው ለዚያው ሴሚስተር ብቻ ነው። ዘንድሮ መምጣት እየፈለግሽ የተውሽው ይመስላል። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ፦ እስከ የትኛው ቀን ድረስ መመዝገብ እችላለሁ?

እትዬ ጽጌ (ለገጣፎ)
ልጆች፣ እኔም በዚህ ነገር ተቃጥያለሁ። ስዊድን ኖሬ ተመልሼ ለገጣፎ ነው ያለሁት። ለጡረታ መስሪያ ቤቱ የአድራሻ ለውጤን፣ የባንክ ሂሳቤን፣ በሕይወት መኖሬን የሚያሳየውን ወረቀት ሁሉ በአንድ ደብዳቤ አደረግኩላቸው። አድራሻዬን ብቻ ቀይረው ተዉት! ቤዛዬ፣ ኤምባሲ ስትሄጂ ሰነድሽን በሁለት ኮፒ ያዢ። ባንክ ቤቱስ ላይ ማንን ላናግር ትላላችሁ?

አስቴር (ሀኖቨር)
እትዬ ጽጌ፣ የእርስዎን ለብቻው ይክፈቱልን፣ የስዊድን ሰዎች ያዩታል። እዚህ ውስጥ ይጠፋብዎታል።

ናሆም (ቦን)
አስቴር ያለችው ላይ አንድ እርማት አለኝ። ቀኑን መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። እኔ ፓስፖርት ሊመቱልኝ ሲሉ የቪዛ ክፍሉ «ትምህርቱ ጀምሯል፣ ዘግይተህ እንድትገባ ተፈቅዶልሃል ወይ?» ብሎ ወረቀት ጠየቀኝ። በኢሜይል «እስከ ወሩ መጨረሻ ትችላለህ» የሚል መልስ ነበረኝ፣ ፊርማ ያለው ደብዳቤ ግን አልነበረኝም፣ ለሱ ብዬ ሌላ ሳምንት ጠበቅኩ። ስለዚህ ጥያቄው ደብዳቤው ራሱ ይሁን። ቀኑ ደብዳቤው ውስጥ ይመጣል።

አስቴር (ሀኖቨር)
ይሄ ከእኔ ይሻላል፣ እቀበላለሁ። መልስ ሰጪውም ምን መሥራት እንዳለበት ወዲያው ያውቃል፣ ደብዳቤ ማውጣት።

ቤዛ (ቱሉ ዲምቱ)
እሺ ሞከርኩ። እንግሊዝኛውን በኋላ፣ ሀሳቡን በአማርኛ እዩልኝ።

«ርዕስ፦ ዘግይቶ የመመዝገብ ደብዳቤ ስለመጠየቅ፣ የማመልከቻ ቁጥር፣ ሙሉ ስም

ጤና ይስጥልኝ። እስከ መስከረም መጨረሻ ላልደርስ ስለምችል፣ እስከ የትኛው ቀን መመዝገብ እንደምችል የሚገልጽ ደብዳቤ እንድትጽፉልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ለውሃ ምህንድስና ማስተርስ ተቀብላችሁኛል። ቪዛ 14/07 አስገብቼ ውሳኔ እየጠበቅኩ ነው። ደብዳቤውን ለኤምባሲው አስገባዋለሁ። የቅበላ ደብዳቤዬንና የቪዛ ደረሰኙን አያይዣለሁ። አመሰግናለሁ።»

የአባቴን ነገር አወጣሁት። ግን ምስጋናውን አንድ መስመር ላይ ሳሳጥረው ነውር መሰለኝ።

አስቴር (ሀኖቨር)
ነውር የለውም፣ የሚያነበው ሰው ደስ ነው የሚለው። የአባትሽ ሕመም ያዘገየሽ ቢሆን ኖሮ ይገባ ነበር፣ ያዘገየሽ ግን ቪዛው ነው። ሁለት ነገር አስተካክዪ። «መስከረም መጨረሻ» የኛ ነው የነሱ? የኛ ከሆነ የሚያልቀው በነሱ ኦክቶበር 10 ነው። ወሩን በፊደል፣ በነሱ አቆጣጠር ጻፊው፣ ጁላይ 14 ብለሽ። ትምህርቱ የሚጀምርበትንም ቀን ከቅበላ ደብዳቤሽ ላይ ገልብጠሽ አስገቢ፣ መዘግየትሽ የሚለካው ከሱ ነው። ሌላው ስምሽ ነው። ፓስፖርትሽ ላይ እንዳለው ሦስቱንም በተመሳሳይ ተርታ አድርጊ፣ አለዚያ የአያትሽን ስም ይዘው የአባትሽን ሲፈልጉ ፋይልሽ ይሰወራል።

ዳዊት (ቨርጂኒያ)
እሺ ተረታሁ፣ ግን ፕሮፌሰሩ ጋ ለብቻው ትጻፍ። ፕሮፌሰር ከፈለገ ያስገባታል።

ናሆም (ቦን)
እኔ ጽፌለት መልሶ ወደ ቢሮው ነው የመራኝ። የፕሮግራሙ አስተባባሪ ግን የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በቪዲዮ እንድከታተል ፈቀደችልኝ። እንደ ቤቱ ነው።

አስቴር (ሀኖቨር)
ያ የኦንላይኑ ጥያቄ ነው። ደብዳቤው በእጅሽ ሲገባ ለአስተባባሪዋ ይጻፋል። አሁን ከላክሽ ሁለቱ ቢሮዎች እርስ በርስ ይጠባበቃሉ ብዬ እፈራለሁ።

ናሆም (ቦን)
እኔ ደግሞ ጎን ለጎን ነበር የላክሁት፣ ችግር አልገጠመኝም።

ቤዛ (ቱሉ ዲምቱ)
የቢሮውን ልኬዋለሁ። የአስተባባሪዋን ገና አልወሰንኩም። ዝም ካሉኝስ?

ናሆም (ቦን)
አንድ ሳምንት ጠብቂና እዚያው የላክሽው ላይ መልሺ፣ አዲስ አትክፈቺ። አዲስ ከሆነ አዲስ ቁጥር ይወጣለትና ሌላ ሰው እጅ ገብቶ ከዜሮ ይጀምራል። መደወል ካማረሽ የስልክ ሰዓታቸውን ድረ ገጻቸው ላይ እዪ። የነሱ 10 ሰዓት አሁን በእኛ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ነው፣ ካርድ ሙዪ፣ ያስጠብቃሉ።