የጉግልና የፌስቡክ ማስታወቂያ ወጪን ከትዕዛዝ ጋር ሳገናኝ ቁጥሩ አልገጥም አለኝ

ሰላም ወገኖች፣ በየሳምንቱ አንድ ሽያጭ በስንት የማስታወቂያ ወጪ እንደመጣ ሪፖርት አደርጋለሁ። ወጪውን ከሁለቱ አካውንቶች አውርጄ በሳምንትና በመድረክ ደምሬዋለሁ፤ እዚህ ድረስ ችግር የለም። የተቸገርኩት ሽያጩን ለማን ልስጥ በሚለው ነው።

ያለፈውን ሳምንት እዩልኝ። ጉግል ላይ 400 ዶላር፣ ፌስቡክ ላይ 600 ዶላር ወጣ። በሱቁ ሲስተም የተመዘገበው ትዕዛዝ 50 ነው። ጉግል 22 ሽያጭ አመጣሁ ይላል፣ ፌስቡክ ደግሞ 41፤ ድምሩ 63! አንዱን ደንበኛ ሁለቱም እየቆጠሩት ይመስለኛል፤ ፌስቡክ ማስታወቂያውን አይተው ሳይጫኑ የገዙትንም ይጨምራል።

ትዕዛዙ ላይ ባለው utm_source ስቆጥር ግን ጉግል 15፣ ፌስቡክ 20 ሆነ፤ 15ቱ ባዶ ናቸው። (fb፣ facebook እና ig የሚሉትን አንድ አድርጌያቸዋለሁ።) በመድረኮቹ ቆጠራ ፌስቡክ ይረክሳል፤ አንድ ሽያጭ በ14.6 ዶላር ገደማ ነው፣ ጉግል በ18.2። በ utm_source ሲሆን ይገለበጣል፦ ጉግል 26.7፣ ፌስቡክ 30። አለቃዬ በጀቱን ወደ ርካሹ ማዞር ስለሚፈልግ ነገሩ ቀላል አይደለም።

ለጊዜው የማምነው 1000ን ለ50 ማካፈሉን፣ ማለትም 20 ዶላሩን ብቻ ነው። ባዶዎቹን 15 በተገኘው ድርሻ ላከፋፍላቸው ወይስ ለብቻቸው ልተዋቸው? ደግሞም መድረኮቹ ሽያጩን የሚመዘግቡት በአብዛኛው ደንበኛው ማስታወቂያውን ባየበት ወይም በተጫነበት ቀን እንጂ በገዛበት ቀን ስላልሆነ ያለፈው ሳምንት ቁጥር ኋላ ላይ ይጨምራል። ሪፖርቱን የምትዘጉት ስንት ቀን ጠብቃችሁ ነው?