ጥቆማ፦ የ10ኛ ክፍል ሒሳብን ቀድሞ ለጨረሰ ልጅ ምን የምርምር ርዕስ ይሰጠው?

የሒርማታዋ እህት፦ ሰላም የጅማ ሰዎች። ታናሽ ወንድሜ የሒሳብ መጽሐፉን ገና በጥር ጨርሶ ቁጭ ብሏል። ተጨማሪ መልመጃ ሳይሆን ለብቻው ቆፍሮ የሚመራመርበት ርዕስ ነው የምፈልገው። ላፕቶፕ የለንም፣ ስልክ አለ። ኢንተርኔት ካፌ ይሻላል፣ አስጠኚ ወይስ ሌላ ነገር?

የካምፓስ ልጅ፦ ኮላትዝን ስጪው! ቁጥሩ ተጋማሽ ከሆነ ለ2 ያካፍል፣ ካልሆነ በ3 አባዝቶ 1 ይደምር፣ በሚወጣው ቁጥርም እንዲሁ ይቀጥል። የሞከሩት ሁሉ መጨረሻው 1 ነው። ከ27 ቢነሳ 111 እርምጃ ይፈጅበታል። እስካሁን ማንም አላረጋገጠውም፣ ምናልባት እሱ ያረጋግጠዋል።

እናት ከአጂፕ፦ ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚያስጠና ጎበዝ ሰው ካወቃችሁ ለእኔም ጠቁሙኝ። በወር ስንት ያስከፍላሉ?

የሒሳብ መምህር፣ ፈረንጅ አራዳ፦ እናቴ፣ የአስጠኚውን ነገር ለብቻው ጠይቂ፣ እዚህ ይጠፋብሻል። የካምፓሱ ወንድሜ፣ ኮላትዝ ለጨዋታ ግሩም ነው። ግን ልጁ ቁጥር ሲያሰላ ይውልና ለማረጋገጥ ሲነሳ የሚይዘው ነገር ያጣል። የመጀመሪያው መልስ በአንድ ከሰዓት የሚገኝ፣ ከዚያ እየከበደ የሚሄድ ርዕስ ነው የሚሻለው።

እኔ የከረጢቱን ጥያቄ እመርጣለሁ። አንድ ነጋዴ ቡናውን በ5 ኪሎና በ8 ኪሎ ከረጢት ብቻ አሽጎ ይሸጣል እንበል። ከረጢት ሳይፈታ 13 ኪሎ መሸጥ ይችላል፣ 12 ግን አይችልም። ሊሸጠው የማይችለው ትልቁ ክብደት ስንት ነው?

ባለ ካሬ ደብተር ግዢለት። ከ0 ጀምሮ በየመስመሩ አምስት አምስት ቁጥር ይጻፍ። 0፣ 8፣ 16፣ 24 እና 32ን ያክብብ። እያንዳንዳቸው የተለያየ አምድ ላይ ይወድቃሉ። ከተከበበው በታች ያለው ሁሉ ይሸጣል፣ 5 እየጨመሩ መውረድ ነውና። ከላዩ ያለው አይሸጥም። ከሁሉም ዘግይቶ የሚከበበው 32 ስለሆነ ትልቁ የማይሸጥ 27 ነው። የማይሸጡት በጠቅላላ 14 ናቸው።

ከዚያ መጠኖቹን ይቀያይርና ቀመሩን ራሱ ይፈልግ። 4 እና 6ን ሲሞክር ኢተጋማሽ ክብደት ፈጽሞ እንደማይሸጥ ያያል። ለምን እንደሆነ ይጻፍ።

ትልቁ ነገር ያለው ግን እዚህ ነው። 0ን ከ27፣ 1ን ከ26፣ 2ን ከ25 ያጣምር። ከየጥንዱ አንዱ ብቻ ይሸጣል። ለምን? ይህን ካረጋገጠ ሌላም ይከተላል፦ ከማይሸጡት አንዱን የሚያህል ሦስተኛ ከረጢት ቢጨመር 27 ሁልጊዜ መሸጥ ይጀምራል። ለምሳሌ 11 ኪሎ ቢጨመር ትልቁ የማይሸጥ ወደ 17 ይወርዳል። ለሁለት ከረጢት አጭር ቀመር አለ። ለሦስት ግን ለሁሉም የሚሠራ እንዲህ ያለ ቀመር እንደሌለ እ.ኤ.አ. በ1990 ተረጋግጧል። ስለዚህ የራሱን ልዩ ዓይነት መርጦ የሚመራመርበት ሰፊ ሜዳ አለው።

የካምፓስ ልጅ፦ ይኼማ አሪፍ ነው። ስልኩ ላይ Pydroid 3 ይጫንለት፣ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

```
a, b, c = 5, 8, 11
r = range(41)
s = {a*x+b*y+c*z for x in r for y in r for z in r}
print([n for n in range(1, 200) if n not in s])
```

የሒሳብ መምህር፣ ፈረንጅ አራዳ፦ ጥሩ ነው፣ ግን ደብተሩ ይቅደም። ይህ ኮድ 199 ላይ ይቆማል። ከረጢቶቹ ትልልቅ ከሆኑ የመጨረሻው ቁጥር እውነተኛው ላይሆን ይችላል። ዝርዝሩ እስከ 199 ጥግ ድረስ ከሄደ ተጠራጠሩ። ካፌውን ግን ለጊዜው ተዪው እህቴ። ሰዓቱ እየቆጠረ ልጁ የተዘጋጀ ቀመር ፈልጎ ይገለብጣል። መገልበጡን ማወቅ ከፈለግሽ "32ን ለምን ከበብክ?" በይው።

አባት ከቦሳ አዲስ፦ የእኔዋ ልጅ ሒሳብ አትወድም፣ ቀድማ የጨረሰችው ባዮሎጂን ነው። አዌቱ ወንዝ ላይ ከከተማው በላይና በታች በወንፊት ነፍሳት ትለቅማለች። ድንጋይ ሥር የሚኖሩት ጭራቸው ረጃጅም የሆኑት ንጹሕ ውኃ ይወዳሉ፣ ቀያዮቹ ትሎች ደግሞ ኦክስጅን ያነሰበትን ጭቃ ይችላሉ። ብቻ ኃይለኛ ዝናብ ከጣለ ጎርፉ ሁሉንም ጠርጎ ስለሚወስድ ቆጠራው ዋጋ የለውም። ቦትና ጓንት የግድ ነው።

የሒርማታዋ እህት፦ ጋሼ፣ ወንድሜ ውኃውን አይደፍረውም፣ ግን ሐሳቡን ለጎረቤታችን ልጅ ነግሬያለሁ። መምህር፣ ደብተሩን ሰጠሁት፣ 27ን አገኘ። 14ቱንም ቆጠረ። አሁን ጥንዶቹ ላይ ተይዟል። የጻፈውን ማረጋገጫ ግን ማን ያይለታል? እኔ አይገባኝም።

የካምፓስ ልጅ፦ እኔ አያለሁ።

የሒሳብ መምህር፣ ፈረንጅ አራዳ፦ እኔም አያለሁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ይዘሽው ነይ። ሁለታችን ካልተስማማን ሦስተኛ ሰው እንፈልጋለን። እስከዚያ ሁለት የማይሸጡ ቁጥሮች ተደምረው 27 ሊሆኑ ይችሉ እንደሆነ ጠይቂው።