በመልእክት ዋጋ ለሚከራከር ገዢ ምን ተብሎ ይመለሳል?

ማለዳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በወሩ መጨረሻ ቤት ስለምንለቅ ባለሦስት መቀመጫ ሶፋችንን በ400 ለጥፌያለሁ። ከ340 በታች ልሸጠው አልፈልግም፣ ከ14 ቀን በላይ ላቆየውም አልችልም። የሚመጣልኝ መልእክት አብዛኛው «መጨረሻው ስንት ነው?» ወይም «200 ልስጥሽ?» የሚል ነው። ሰው ሳላስቀይም፣ ዋጋዬንም ሳልለቅ እንዴት ልመልስ? ምክሩ ብቻ ሳይሆን የሚጻፈው መልስ ራሱ ቢሆንልኝ ደስ ይለኛል።

የፎቁ ልጅ፦
ለ200 መልስ አትስጪ፣ ዝም ነው። ሌላው ደግሞ ከመጀመሪያው 600 ብለሽ ብትለጥፊው ኖሮ እየተከራከሩ 400 ይደርሱልሽ ነበር። ሰው የሚደሰተው ሲቀነስለት ነው።

ነባር ሻጭ፦
የፎቁ ልጅ፣ ለመቀነሻ የሚሆን ትርፍ መጨመር እንዳለበት ልክ ነህ፤ መጠኑ ላይ ግን አልስማማም። ገዢው ፍለጋው ላይ «እስከ 400» ብሎ ሲገድብ 600 የተለጠፈው ሶፋ ጭራሽ አይታየውም። 410 ቢሆን እንኳ አይታየውም። ስለዚህ መነሻው ከልብ ከሚፈለገው ዋጋ ከ15 እስከ 20 በመቶ ከፍ ብሎ፣ ሰዎች ገደብ የሚያደርጉበት ሙሉ ቁጥር ላይ ቢያርፍ ይሻላል። የማለዳ 400 እና 340 በደንብ የተለካ ነው።

አሁን ወደ መልሱ። «መጨረሻው ስንት ነው?» ለሚለው የመጨረሻ ዋጋ አይነገርም። 340 ካልሽው ለእሱ መጨረሻ ሳይሆን መነሻ ይሆንለታል፤ ከዚያ 280 ብሎ ይቀጥላል፣ አንቺ የምትሄጂበት ቦታ አይኖርሽም። ዕቃውን ሳያይ ዋጋ ለሚጠይቅ የሚሆነው መልስ ይህ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ፣ ስለጠየቁ አመሰግናለሁ። ዋጋው የተለጠፈው 400 ነው። ሶፋው ርዝመቱ 2 ሜትር ከ10 ነው፣ እግሮቹ ይፈታሉ። ማየት ከፈለጉ ዛሬ ወይም ነገ ከ17:00 በኋላ ይመቸኛል።»

መልእክቱ ጨዋታውን ከዋጋ ወደ ቀጠሮ ያዞረዋል። የምር የሚገዛ ሰው ቀጥሎ ስለ ልኬት፣ ስለ ደረጃ ወይም ስለ ሰዓት ይጠይቃል። ቁጥር ብቻ እየወረወረ የሚቀጥለው ብዙ ጊዜ ለ10 ሻጮች አንድ ዓይነት መልእክት የላከ ነው። ሰዓቱን በ17:00 መልክ ጻፊው። የአገር ሰው ከሆነ «11 ሰዓት» ሲባል አንዱ ማታ ሌላው ጠዋት ይመጣና ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ቀጠሮው ይበላሻል። ጾታውንም ከስሙ መለየት ስለማይቻል «እርስዎ» ብሎ መጀመር ከሁሉም ያድናል።

እናት ዓለም፦
አንድ ነገር ልጨምር። እምቢ ስትዪ ምክንያት አትደርድሪ። «በ900 ነው የገዛሁት» ካልሽ «ታዲያ ስንት ዓመት ተጠቀማችሁበት?» ይልሻል። «ለመጓጓዣ ገንዘብ እፈልጋለሁ» ካልሽ ቸኩለሽ እንደሆነ ነገርሽው ማለት ነው። እያንዳንዱ ምክንያት ሌላ ክርክር ይከፍታል። አመስግኖ ቁጥሩን መድገም ይበቃል፦ «ሐሳብዎን አመሰግናለሁ፣ በ200 ግን አልሸጠውም። ሐሳብዎን ከቀየሩ ይጻፉልኝ።» ይህ ጨዋነትም አለው፣ በሩንም አይዘጋም።

ለዚህ ነው በዝምታው የማልስማማው። ዛሬ 200 ያለው ሰው ዋጋ ስትቀንሺ 370 ሊከፍል ይችላል። ዝም ያልሽው ግን ተመልሶ አይጽፍም።

ማለዳ፦
ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። አሁን አንዱ 250 ብሎ ነበር፣ እምቢ ስለው 300 አለ፣ ቀጥሎ «በቃ 320፣ አሁኑኑ መኪና ይዤ እመጣለሁ» ብሏል። ግማሽ መንገድ መጥቷል፣ 360 እንገናኝ ልበለው?

ነባር ሻጭ፦
360 ጥሩ ቁጥር ነው፣ «መሐል እንገናኝ» የሚለው ግን ይቅር። የመሐሉን መንገድ ከያዝሽ ሲመጣ 320 እና 360ን እንደገና መሐል ይከፍላቸዋል። ቅናሽ የሚሰጠው በነጻ ሳይሆን በምላሹ የሆነ ነገር ሲገኝ ነው። አንቺ የምትፈልጊው ጊዜ ስለሆነ ጊዜን ጠይቂበት፦

«እስከ 320 ስለመጡ አመሰግናለሁ። ዛሬ ከ20:00 በፊት ከወሰዱት በ360 እሰጥዎታለሁ። ከዛሬ ካለፈ ዋጋው 400 ነው።»

ከዚህ በኋላ ዝም። 330 ቢል 355 አትበዪው። የቅናሽሽ እርምጃ እያነሰ ካልሄደና ቶሎ ካልቆመ ገዢው ገና ቦታ እንዳለ ይገባዋል። ከ400 ወደ 360 አንዴ ትልቅ እርምጃ ሄደሽ ቆመሻል፤ ቀጣዩ መልእክት ላይ ያንኑ ቁጥር ብቻ ነው የምትደግሚው፦ «360 ለዛሬ ነው፣ ካልተመቸዎት ምንም ችግር የለም።» ሁለት ጊዜ ከደገምሽ በኋላ የሚመጣ ሦስተኛ ቁጥር መልስ አያስፈልገውም። እዚህ ጋ የፎቁ ልጅ ዝምታ ቦታ አለው።

የድምፅ መልእክት ከላከ ወይም «ደውዪልኝ» ካለ ስለ ቦታውና ስለ መኪናው መነጋገር ይቻላል፣ ዋጋው ግን በጽሑፍ ብቻ ይሁን። በስልክ የተባለው ቁጥር በር ላይ ሲደርስ «እኔ 320 ነበር የሰማሁት» ይሆናል።

የፎቁ ልጅ፦
ሌላ ገዢ እየጠበቀ ነው ብትለውስ? ያ ያፋጥነዋል።

እናት ዓለም፦
እውነት ከሆነ ትበለው፣ ካልሆነ አይሆንም። ማስታወቂያው ሌላ ሦስት ቀን እዚያው ተሰቅሎ ያየዋል። ከዚያ በኋላ ቀነ ገደብ ብትሰጪውም አያምንሽም። ማኅበረሰባችን ትንሽ ስለሆነ ደግሞ የመልእክቱ ፎቶ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። በዚሁ ምክንያት ለአንዱ በ360 ብለሽ ለሌላው ያለ ምክንያት በ340 አትስጪ፤ ይሰማሉ። «ዛሬ ስለወሰደው ነው» የምትዪው ነገር ካለሽ ግን ማንም አይቀየምሽም።

አዲስ ገቢ፦
ይቅርታ፣ ስለ ቤት ኪራይም እንዲሁ በመልእክት ማስቀነስ ይቻላል? አከራዬ የጠየቀኝ በዝቶብኛል።

ነባር ሻጭ፦
ወንድሜ፣ ያ ከሶፋ የተለየ ነው፤ ውል አለበት፣ የአገሩ ሕግም ይገባበታል። ለብቻው ርዕስ ክፈትና የሚያውቁ ይመልሱልህ።

ማለዳ፦
360 ተስማማ። 19:00 ላይ እመጣለሁ ብሏል። በር ላይ እንደገና እንዳይጀምር የምፈራው እሱን ነው።

እናት ዓለም፦
በር ላይ ክርክር የሚነሳው ከሁለት ነገር ነው፣ ሁለቱም አስቀድመው ይዘጋሉ።

አንደኛው ጉድለት ነው። የተላጠ ጠርዝ፣ የደበዘዘ ጨርቅ፣ የሚንቀጠቀጥ እግር ካለው አሁኑኑ በቅርብ ፎቶ አንስተሽ ላኪለት፦ «በስተቀኝ ክንዱ ላይ ይህ አለ፣ 360 ይህን ጨምሮ ነው።» ያኔ ያየውን ነገር በር ላይ እንደ አዲስ ሊያነሳው አይችልም። ያላሳየሽው እውነተኛ ጉድለት ካገኘ ግን እውነቱ የእሱ ነው፤ ያን ጊዜ መቀነስ ተገቢ ነው።

ሁለተኛው «ይዤ የመጣሁት 320 ብቻ ነው» የሚለው ነው። አድራሻውን ከመላክሽ በፊት ይህን ጻፊ፦ «በ360 እንደተስማማን ላረጋግጥ። በጥሬ ገንዘብ ከሆነ ልክ ይዘው ይምጡ፣ ዝርዝር የለኝም። በዝውውር ከሆነ ገንዘቡ ሒሳቤ ላይ ሲታይ ይጭናሉ።» እሺ ካለ በኋላ አድራሻውን ላኪ። ያም ሆኖ 320 ይዞ ከመጣ «ገባኝ፣ ቀሪውን እዚሁ በዝውውር መላክ ይችላሉ፣ ካልሆነ ለሌላ ቀን እንቀጥረው» ብለሽ በእርጋታ ቁሚ። መኪና ይዞ፣ ረዳት ቀጥሮ የመጣ ሰው ባዶውን መመለስ አይፈልግም። ብቻሽን ግን አትሁኚ፤ ሰው ቢኖር ለአነጋገርሽም ለደህንነትሽም ይረዳል።

ነባር ሻጭ፦
የዝውውር ማረጋገጫ ፎቶ ገንዘብ አይደለም፣ ሒሳብሽ ላይ ግቢና እይ። ሌላም ልጨምር፦ ዋጋ ከሚከራከረው ይልቅ ምንም ሳይከራከር «400 እሺ፣ ዕቃውን መልእክተኛ ይወስደዋል፣ በዚህ ሊንክ ክፍያውን ተቀበዪ» የሚለውን ፍሪ። ሊንኩን አትክፈቺ፣ በስልክሽ የሚመጣውን የማረጋገጫ ቁጥርም ለማንም አትላኪ።

የዛሬው ገዢ ካልመጣ ደግሞ ቅናሹን በየመልእክቱ ሳይሆን በግልጽ ማስታወቂያው ላይ አድርጊው። ለምሳሌ እስከ 6ኛው ቀን 400፣ ከዚያ 370፣ ከ10ኛው ቀን ጀምሮ 340። ዋጋው በተለወጠ ቁጥር ቀደም ሲል በጨዋነት ለመለስሽላቸው ሁሉ «ዋጋው 370 ሆኗል፣ አሁንም ከፈለጉት» ብለሽ ትልኪያለሽ። ያስቀነሰሽ ክርክር ሳይሆን ቀን ስለሆነ ከአንድ ሰው ጋር መሟገት አይኖርም። በመጨረሻዎቹ 2 ቀናት ግን 340ውን እንደገና አስቢበት። ሶፋውን ለማስወጣት አንቺ የምትከፍዪ ከሆነ 250 ብሎ ራሱ የሚጭነው ሰው ያተርፍሻል።

የፎቁ ልጅ፦
ቀብድ ብትቀበል አይሻልም? 50 ከከፈለ አይቀርም።

እናት ዓለም፦
ለዛሬ ማታ ቀጠሮ ቀብድ መጠየቅ ሰውን ያርቃል፤ ለማያውቀው ሰው ገንዘብ መላክ የሚፈራ ትክክል ነው። ለሦስትና አራት ቀን አቆዪልኝ ካለ ግን ቀብድ ሳልቀበል ማስታወቂያ አላወርድም።

ነባር ሻጭ፦
እኔ ለዚያም ቢሆን አልቀበልም። ካልመጣ ገንዘቡን መልሺ ብሎ ሌላ ክርክር ይጀምራል። «ቀድሞ የመጣ ይወስዳል» ብሎ ማስታወቂያውን እንዳለ መተው ይቀለኛል።

እናት ዓለም፦
ሰውየው ካልመጣ ቀብዱ እንደማይመለስ በጽሑፍ «እሺ» ካለ ምን ክርክር ይኖራል?

ነባር ሻጭ፦
«እሺ» ብሎም ይከራከራል፣ እህቴ። ለማንኛውም ማለዳ፣ 19:00 ላይ ሰውየው ሲመጣ ምን እንዳለ ጻፊልን፤ ገንዘቡ እስኪገባ ማስታወቂያውን አታውርጂ።