መመለሻዬ ሳይታወቅ ለአለቃዬ ምን ብዬ ልጻፍ?

ወገኖች፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በኤች ዋን ቢ የሥራ ቪዛ ነው የምሠራው። የሥራ ፈቃዴ ጊዜው ገና አላለፈም፤ ፓስፖርቴ ላይ ያለው ቪዛ ግን ጊዜው አልፏል። ስለዚህ አገር ቤት ሄጄ ለመመለስ አዲስ አበባ ባለው የአሜሪካ ኤምባሲ ለማርች 10 የቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ይዣለሁ።

ለአለቃዬ ስነግራት «የምትመለሽበትን ቀን በኢሜይል ጻፊልኝ» አለችኝ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ቪዛው ቢፈቀድም እንኳ እስኪታተም ድረስ ፓስፖርቱ ኤምባሲው ዘንድ ይቆያል። 221(ጂ) የሚባለውን ወረቀት ከሰጡኝ ደግሞ ተጨማሪው ማጣራት ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ያለ ቪዛ ወደ ሥራዬ መመለስ አልችልም።

መጀመሪያ የሁለት ሳምንት የዓመት ፈቃድ ብዬ ረቂቅ ጻፍኩ፤ ከዘገየሁ ግን ሥራዋን ጥላ ጠፋች እንዳልባል ሰጋሁ። «መመለሻዬ አይታወቅም» ብዬ ስጽፍ ደግሞ የሰው ኃይል ክፍሉ ያለ ቀን ፈቃድ አንመዘግብም ብሎ መለሰልኝ። ከአዲስ አበባ ሆኜ በላፕቶፕ እንዳልሠራም የድርጅቱ ደንብ ይከለክላል። ለቃለ መጠይቁ የምይዘውን የሥራ ደብዳቤ የምትፈርመው ራሷ አለቃዬ ናት፤ ስለዚህ ምንም ልደብቃት አልፈልግም።

በዚህ ያለፋችሁ፣ ኢሜይሉ ላይ አንድ ቀን ቆርጣችሁ ሊዘገይ እንደሚችል ከሥሩ አስረዳችሁ፣ ወይስ ከመነሻው ረዘም ያለ ደመወዝ የማይከፈልበት ፈቃድ ጠየቃችሁ?