አልነቀልም ያሉ ታካሚ በእምቢታ ቅጹም ላይ አልፈርምም ብለዋል

በፍኖተ ሰላም አካባቢ የምሠራ የጥርስ ሐኪም ነኝ። በስልሳዎቹ ዕድሜ የሚገኙ አንድ ገበሬ አባት የታችኛው መንጋጋ ጥርሳቸው እስከ ሥሩ ተበልቶ፣ ድዳቸውም መግል ቋጥሮ መጡ፤ እንዲነቀል ብመክርም «መርፌና ኪኒን ይበቃኛል» አሉ። መንቀሉ መድማትን፣ የጉድጓዱን ሕመምና አልፎ አልፎ የከንፈር መደንዘዝን ሊያስከትል እንደሚችል፣ አማራጩ ባሕር ዳር ተመላልሶ የሥር ሕክምና ማድረግ እንደሆነ፣ መድኃኒት ብቻውን ግን የመግሉን ምንጭ እንደማያደርቅና እብጠቱ ወደ አንገት ወርዶ መተንፈሻ ሊዘጋ እንደሚችል አስረዳኋቸው። በራሳቸው አንደበት እንዲደግሙልኝ ስጠይቃቸው አንድም ሳያጎድሉ ነገሩኝ፤ ስለዚህ አልገባቸውም ማለት አልችልም። ልጃቸው «ዶክተር፣ ዝም ብለው ይንቀሉት» ቢለኝም፣ አባት አእምሯቸው ሙሉ ሆኖ ሳለ የልጅ ፈቃድ የእሳቸውን አይተካምና አልነካሁም።

መግሉ ተበስቶ እንዲፈስ ግን ፈቅደው ተደረገላቸው፤ ትኩሳት፣ አፍ አልከፈት ማለት ወይም ምራቅ መዋጥ ማቃት ከመጣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል እንዲሄዱ ነግሬ ቀጠሮ ሰጠኋቸው። የቀረው የእምቢታ ቅጹ ነው፤ አሻራቸውን ካኖሩ ነገ ሐሳባቸውን ቢለውጡ የማናክማቸው መስሏቸው፣ እንዲያ እንዳልሆነ ባስረዳቸውም እሺ አላሉም፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ቢያስፈራቸው አልፈርድባቸውም። የተነገራቸውን ጉዳትና አማራጭ፣ እምቢ ያሉበትን ምክንያትና ለመፈረም አለመፈለጋቸውን በካርዳቸው ላይ ጽፌ፣ ሲነገራቸው አብራኝ የነበረችው ነርስ በምስክርነት ብትፈርም ያለ እሳቸው አሻራ በቂ ማስረጃ ይሆናል?