ታሪፍና ኮታ፦ ኪሳራው አልገጠመልኝም፣ እባካችሁ ቶሎ

ሰብሊ 3ኛ ዓመት
ማታ 6 ሰዓት ሲስተሙ ይዘጋል እባካችሁ። ትንሽ ሀገር፣ ስኳር፣ Qd = 180 - 2P፣ Qs = P፣ የዓለም ዋጋ 30 ብር፣ ብዛቱ በሚሊዮን ኪሎ። የ10 ብር ታሪፍ ሲጣል የሀገሪቱ ኪሳራ 150 ሚሊዮን መጣልኝ፣ በታሪፍ ፋንታ ኮታ 60 ሲሆን ደግሞ 750። መምህሩ ሁለቱ እኩል ናቸው ብሎናል። የቱ ጋ ነው የሳትኩት??

ፈጣኑ
ትራያንግል ስትሰሪ በ2 አካፍይ። ሁሌ የሚረሳው እሱ ነው።

ሰብሊ 3ኛ ዓመት
አካፍያለሁ

የሸገር ልጅ
120 ሚሊዮን ሕዝብ ይዘን እኛን ነው ትንሽ ሀገር የሚሉት? 😂

ጠመኔ
@የሸገር ልጅ ትንሽ ማለት እኛ ብንገዛም ብንተውም የዓለም ዋጋ ከ30 ንቅንቅ አይልም ማለት ነው፣ በስኳር ገበያ ደግሞ ትንሽ ነን።

ሰብሊ 150ው ልክ ነው። ታሪፉ ዋጋውን 40 ያደርሰዋል፣ ሰው የሚገዛው ከ120 ወደ 100 ይወርዳል፣ እዚህ የሚመረተው ከ30 ወደ 40 ይወጣል፣ ኢምፖርቱ ከ90 ወደ 60 ይቀንሳል። ሸማቹ በጠቅላላ 1100 ያጣል። ከዛ ውስጥ 350ው አምራቹ ኪስ ገባ፣ 600ው ጉምሩክ ገባ፣ 150ው ግን ማንም ጋ የለም። ትራያንግሎችሽ እሱን ነው የሚለኩት፦ 50 ከውጭ በ30 መምጣት ሲችል እዚህ በውድ ለተመረተው፣ 100 ደግሞ ሰው እየፈለገ ሳይገዛ ለቀረው።

አሁን ኮታውን እይ። 180 - 2P - P = 60 ስትፈቺው P ያው 40 ነው። ዋጋው አንድ ከሆነ ትራያንግሎቹም አንድ ናቸው። አንቺ 600ዋን ጠፋች ብለሽ ስለደመርሻት ነው 750 የመጣው። የማስመጫ ፈቃዱን ማን እንዳገኘ አልጻፍሽልንም እኮ፣ ጥያቄው ላይ ምን ይላል?

ናቲ ኢኮ
ኧረ አታደናግራት። በኮታ መንግስት ቀረጥ አያገኝም፣ ስለዚህ 600ው ኪሳራ ነው። 750 ልክ ነሽ እህቴ አስረክቢ።

ጠመኔ
መንግስት አላገኘም ማለት ሀገሪቱ አጣች ማለት አይደለም ወንድሜ። አስመጪው በ30 ገዝቶ በ40 ሲሸጥ የኪሎው 10 ብር እሱ ጋ ቀረ፣ እሱም ዜጋ ነው። መንግስት ፈቃዱን በጨረታ ቢሸጠው ደግሞ ያው 600 ግምጃ ቤት ይገባል። 750 የሚሆነው ፈቃዱ ለውጭ ላኪዎች ከተሰጠ ነው። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ የምትልከውን መኪና በራሷ ስትገድብ የዋጋውን ልዩነት የጃፓን ኩባንያዎች ነበሩ የወሰዱት።

ናቲ ኢኮ
አሜሪካ ደግሞ ትንሽ ሀገር ሆነች?

ጠመኔ
አልሆነችም። ፈቃዱን የያዘ ትርፉን ይወስዳል የሚለው ግን ለትንሽም ለትልቅም ይሠራል።

የመርካቶው
እኔ ኢኮኖሚክስ አልተማርኩም ግን ይሄን ነገር ኖሬበታለሁ። በ2015 ጥቅምት 38 ዓይነት ዕቃ ኤልሲ አይከፈትለትም ሲባል የኔ ዕቃ ውስጡ ነበር፣ መጋዘን ዕቃ የነበረው ሰው በአንድ ሳምንት ዋጋ ቆለለ። ከዛ በፊትም ቢሆን ዶላር ወረፋ ጠብቀህ ነው፣ ጉዳይ አስፈጻሚ አለ፣ መመላለስ አለ፣ ግብዣ አለ። ያ ሁሉ ወጪ የት ገባ በናንተ ትራያንግል?

ዝምተኛ
የዚህ ገጽ ምርጥ ጥያቄ የመርካቶው ጠየቀ። ኢኮኖሚስቷ አን ክሩገር እ.ኤ.አ. በ1974 የጻፈችው ይሄንኑ ነው። 600 ሚሊዮን በፈቃድ መልክ ሲቀመጥ ሰው እሱን ለማግኘት ጊዜም ብርም ያፈሳል፣ ቢበዛ ሙሉው 600 በሽሚያው ያልቃል። እ.ኤ.አ. ለ1968 የቱርክን ስታሰላው እንዲህ ዓይነቱ ትርፍ ከብሔራዊ ምርቱ 15 በመቶ ገደማ ሆኖ ነው ያገኘችው። ስለዚህ ናቲ በተሳሳተ ምክንያት ወደ እውነቱ ተጠግቷል 😄

ጠመኔ
ጉቦው ራሱ ከኪስ ወደ ኪስ ነው፣ አይጠፋም። የሚጠፋው መመላለሱና ወረፋው ነው። እውነተኛው ቁጥር 150 እና 750 መሃል የሆነ ቦታ ነው፣ የት እንደሆነ ግን ከዚህ ጥያቄ ላይ አይወጣም።

ሰብሊ፣ ለ) ላይ ፍላጎት ቢጨምርስ የሚል ካለ እኩልነቱ እዛ ጋ ይፈርሳል። Qd = 210 - 2P በዪው። በታሪፍ ዋጋው እዛው 40 ነው፣ ኢምፖርቱ ወደ 90 ያድጋል፣ ኪሳራው ያው 150። በኮታ ግን 60 ኪሎ ላይ በሩ ስለተዘጋ ዋጋው 50 ይገባል፣ ትራያንግሎቹ 200 እና 400፣ ድምር 600 ሚሊዮን። ፈቃድ የያዘው ትርፍ ደግሞ ከ600 ወደ 1200።

ፈጣኑ
60 ሚሊዮን ኪሎ ለማለት ነው። እና በ2 ማካፈል እንዳትረሺ

ሰብሊ 3ኛ ዓመት
ለ) አለ!!! ፈቃዱ «ለነባር አስመጪዎች በነጻ ታድሏል» ነው የሚለው

ጠመኔ
በቃ ሀ) 150። 600ው የአስመጪዎቹ ነው ብለሽ ለብቻው ጻፊው፣ ከኪሳራው ጋር አትደምሪው።

ናቲ ኢኮ
«ነባር አስመጪ» ለመባል ስንት እንዳወጡ ማን ጠየቀ?

የመርካቶው
እሱን እኔ ልንገርህ፣ ኢንቦክስ ና