ዲመሩን ዝቅ ሳደርገው አምፖሎቹ ይርገበገባሉ፣ ድምፅም ያሰማሉ

ጠያቂ
የሳሎኑን አምፖሎች በሙሉ ትናንት በኤልኢዲ ቀየርኳቸው። ዛሬ ማታ ብርሃኑን በዲመሩ ዝቅ ሳደርገው አምፖሎቹ መርገብገብ ጀመሩ፤ እዝዝ የሚል ድምፅም አለ። ከፍ ሳደርገው ግን ምንም ችግር የለም። ሕፃን እዚሁ ስለተኛ ሙሉ ብርሃን ማብራት አልችልም። የተበላሸው ዲመሩ ነው ወይስ አምፖሎቹ? እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ።

የማታ እንግዳ
ዲመሩ አርጅቷል ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ድምፅ ማሰማት ሲጀምር ዕድሜው አልቋልና ሌላ ገዝተው ይተኩት።

ባለ ሜዳው
በእኔ እምነት ጥፋቱ ከመስመሩ ነው። ኃይሉ ሲዋዥቅ አምፖል መርገብገቡ የታወቀ ነውና በመጀመሪያ ቆጣሪዎን ያስፈትሹ።

የሽቦ ሰው
መስመሩ ቢዋዥቅ ኖሮ አምፖሎቹ በሙሉ ብርሃንም ይርገበገቡ ነበር፤ በሌላው ክፍል ያሉት መብራቶችም ይህንኑ ያሳዩ ነበር። እርስዎ ግን ችግሩ የሚታየው ዝቅ ሲል ብቻ መሆኑን ጽፈዋል፤ ዋናው ፍንጭም ይኸው ነው። ስለዚህ ሌላ ነገር ከመግዛትዎ በፊት ሦስት ነገሮችን ይንገሩን፦ አምፖሎቹ ስንት ናቸው፣ እያንዳንዳቸውስ ስንት ዋት ናቸው? ዲመሩ ላይ ምን ተጽፏል? ድምፁ የሚመጣው ከግድግዳው ነው ወይስ ከጣሪያው? ጽሑፉ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከሽፋኑ ሥር ወይም ከጀርባው ስለሆነ፣ ሽፋኑን ከመንካትዎ በፊት ብሬከሩን ያጥፉ፤ ማብሪያውን ማጥፋት ብቻውን አይበቃም።

ጠያቂ
አምፖሎቹ 6 ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 7 ዋት። ቀድሞ የነበሩት ባለ ክር፣ ባለ 60 ዋት ነበሩ። ዲመሩ ላይ ከ60 እስከ 400 ዋት የሚል ጽሑፍና አር እና ኤል የሚሉ የላቲን ፊደላት አሉ። የአምፖሎቹ ካርቶን በዲመር እንደሚሠሩ ይገልጻል። ጆሮዬን ባስጠጋው ድምፁ በአብዛኛው ከግድግዳው ነው፤ ትንሽ ግን ከጣሪያውም ይሰማል።

የሽቦ ሰው
እንግዲያው ነገሩ ግልጽ እየሆነ ነው። ስድስቱ ባለ ክር አምፖሎች በአንድነት 360 ዋት ይወስዱ ስለነበር ዲመሩ ከሚጠይቀው ክልል ውስጥ ነበሩ። አሁን ያሉት ግን ተደምረው 42 ዋት ብቻ ናቸው፤ ዲመሩ የሚፈልገው ትንሹ ጭነት ደግሞ 60 ነው። ሰው ሁሉ ከላይ ያለውን 400 እንጂ ከታች ያለውን ቁጥር አያይም፤ ለኤልኢዲ ግን ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው የታችኛው ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። እንደ እርስዎ ባለው ዲመር ውስጥ ትራያክ የሚባል አካል አለ፤ የመስመሩ ቮልቴጅ ከዜሮ ተነሥቶ ወደ ዜሮ በሚመለስበት በእያንዳንዱ ግማሽ ሞገድ ዘግይቶ ይከፈታል፣ የዘገየበትም ጊዜ በረዘመ መጠን ብርሃኑ ይቀንሳል። አንዴ ከተከፈተ በኋላ ሞገዱ እስኪያልቅ ክፍት ሆኖ የሚቆየው በውስጡ በቂ ከረንት እስካለፈ ድረስ ነው። ባለ ክር አምፖል ይህን ከረንት ሳያቋርጥ ይሰጠዋል። ኤልኢዲዎቹ ግን ዝቅ ሲሉ የሚወስዱት ከረንት ትንሽ ስለሆነ ትራያኩ ሞገዱ ሳያልቅ ይዘጋል፤ አንዳንዴም እንደገና ይከፈታል። ዓይንዎ የሚያየው መርገብገብ ይህ ነው።

ይህን በግምት ከመተው በቀላሉ መፈተን ይቻላል። ብሬከሩን አጥፍተው ከስድስቱ አንዱን ኤልኢዲ ይንቀሉና በቦታው ባለ 40 ዋት ባለ ክር አምፖል ያስገቡ፤ ሆልደሩና የመብራቱ ዕቃ 40 ዋት የሚችሉ መሆናቸውን ግን አስቀድመው ያረጋግጡ። አምስቱ ኤልኢዲዎች 35 ዋት ስለሆኑ ድምሩ 75 ይሆናል። መርገብገቡ ከቆመ ጉዳዩ የጭነት ማነስ ነው። ካልቆመ ደግሞ በአምፖሎቹ ውስጥ ሆኖ ለኤልኢዲው ኃይል የሚመጥነው ድራይቨር ከዲመሩ ጋር አልተስማማም ማለት ነው።

ጸጥታ ወዳድ
እኔም ይኸው ደርሶብኝ ነበር። መብራቶቼ ግን ባለ 12 ቮልት ሃሎጅን ሲሆኑ በጣሪያው ውስጥ ከባድ የብረት ትራንስፎርመር ነበራቸው። ሰው መክሮኝ አር እና ሲ የሚል ዲመር ባስገባ ጩኸቱ ባሰ፤ ዲመሩም ብዙ ሳይቆይ ተቃጠለ። ስለዚህ አር እና ኤል የሚለውን ዲመር እንዳይነኩት እመክራለሁ።

የሽቦ ሰው
የእርስዎ ችግር ከዚህኛው ይለያል። አር የሚለው ፊደል እንደ ባለ ክር አምፖል ላሉ ጭነቶች ነው። ኤል የሚለው የተጠመጠመ ሽቦ ላላቸው ጭነቶች፣ ለምሳሌ ለእርስዎ ዓይነት ትራንስፎርመር ነው፤ ለእርስዎም ትክክለኛው እርሱ ነበር። ሲ የሚለው ግን ኤሌክትሮኒክ ለሆኑ ጭነቶች ነው፤ አብዛኞቹ የኤልኢዲ ድራይቨሮች ደግሞ ከዚህኛው ጋር ይበልጥ ይስማማሉ። ጠያቂው የገለጹት በቀጥታ በመስመሩ ላይ የሚሠሩ አምፖሎችን ይመስላል።

የማታ እንግዳ
እኔም ከመጀመሪያው ዲመሩን ይቀይሩ ነው ያልኩት።

ቆጥቋጭ
ዲመሩ ግን ምን አጠፋ? ለተሠራለት ጭነት ዓመታት አገልግሏል። የተቀየረው አምፖሉ ነው፤ ስለዚህ መጠየቅ ያለበትም አምፖሉ ነው። ካርቶን ላይ በዲመር ይሠራል የሚል ጽሑፍ በየትኛው ዲመር እንደሚሠራ አይናገርም። አምፖል የሚሠሩ ድርጅቶች የፈተኗቸውን ዲመሮች ዝርዝር የሚያወጡበት ጊዜ ስላለ፣ እኔ ብሆን በዝርዝሩ ውስጥ የራሴን ዲመር የያዘ አምፖል እፈልግ ነበር።

ጠያቂ
ፈተናውን አደረግሁ። ባለ 40 ዋቱ ሲገባ መርገብገቡ ቆመ ማለት ይቻላል። ድምፁ ግን ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ በተለይ ዲመሩ መሐል ላይ ሲሆን ይጎላል። በመጨረሻው ዝቅታ ደግሞ ከአምስቱ ኤልኢዲዎች አንዱ ብቻውን ይጠፋል።

የሽቦ ሰው
መርገብገቡ የጭነት ማነስ መሆኑ ተረጋገጠ። ባለ ክሩን አምፖል ግን ለፈተና እንጂ ለዘለቄታው አይተዉት። ድምፁ መሐል ላይ መጉላቱም ይናገራል፦ የእርስዎ ዲመር የግማሽ ሞገዱን መጀመሪያ እየቆረጠ ኃይሉን በድንገት ስለሚለቅ፣ ቮልቴጁ ከፍተኛ በሆነበት በግማሹ አካባቢ ሲለቅ ምቱ ይከብዳል። ምቱ በዲመሩ ውስጥ ያለውን ጥምጥም ሽቦና በአምፖሎቹ ውስጥ ያሉትን ክፍሎች ያርገበግባል። መጨረሻውን የሚቆርጠው ዓይነት፣ ማለትም ብዙውን ጊዜ አር እና ሲ የሚል የተጻፈበት፣ ግን ሲጀምር ከዜሮ ተነሥቶ ስለሚወጣ ብዙ ጊዜ ጸጥተኛ ነው።

ቆጥቋጭ ያሉት ትክክል ነው። ይሁን እንጂ የትኛውንም አምፖል ቢመርጡ 6 ኤልኢዲዎች 60 ዋት የመድረሳቸው ነገር አጠራጣሪ ስለሆነ እኔ ወደ ዲመሩ አደላለሁ። አር እና ሲ የሚል፣ ትንሹ ጭነቱ ከ10 ዋት የማይበልጥ፣ ለኤልኢዲ የተፈቀደው ዋትም ለብቻው የተጻፈበት ይፈልጉ። ዝቅተኛውን ብርሃን የምታስተካክል ትንሽ ብሎን ካለችው ደግሞ አንዱም አምፖል እስከማይጠፋበት ድረስ ከፍ አድርገው ይተዉት። ሽፋኑ ከለብ ያለ ሙቀት አልፎ ካቃጠለ ወይም የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ግን ብሬከሩን ያጥፉና ባለሙያ ይጥሩ፤ ያ የላላ ሽቦ ሊሆን ይችላል።

ቆጥቋጭ
የሚጠፋው ሁልጊዜ አንዱ ራሱ አምፖል ነው? ከጎኑ ካለው ጋር ቦታ ያለዋውጧቸው። ጥፋቱ አምፖሉን ተከትሎ ከሄደ የአምፖሉ ነው፤ በሆልደሩ ከቀረ ግን አዲስ ዲመር ከመግዛትዎ በፊት የዚያን ሆልደር ሽቦ ማየት ያስፈልጋል።